ቴሌግራም ሲጠለፍ፦ የመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት

በቴሌግራም ልብስ የምትሸጥ አንዲት ነጋዴ አለች እንበል። ቅዳሜ ማታ 2 ሰዓት ላይ ከድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛዋ መልእክት ደረሳት። «የእህቴ ልጅ የሥዕል ውድድር ውስጥ ገብታለች፤ እባክሽ ድምፅ ስጪልኝ» ይላል፤ ከሥሩ ሊንክ አለ። ሊንኩን ስትነካው የሕፃናት ፎቶ የተደረደረበት ገጽ ተከፈተ። ገጹ ድምፅ ለመስጠት ስልክ ቁጥር ጠየቃት፤ አስገባች። ወዲያው ቴሌግራሟ ላይ ባለ 5 አሃዝ ኮድ መጣ። ገጹ ኮዱን አስገቢ አላት፤ እሱንም አስገባች። «ድምፅዎ ተመዝግቧል» የሚል ጽሑፍ ካየች በኋላ ስልኳን አስቀምጣ ወደ እራቷ ሄደች።

ውድድር የሚባል ነገር አልነበረም። እሷ ቁጥሯን ገጹ ላይ ስትጽፍ፣ ከገጹ ጀርባ ያለው ሰው ያንኑ ቁጥር በራሱ መሣሪያ ላይ ቴሌግራም ከፍቶ አስገባው። ቴሌግራምም ባለቤቷ በአዲስ ስልክ ልትገባ የፈለገች መስሎት የመግቢያ ኮድ ላከላት። ኮዱን ገጹ ላይ ስትጽፈው ጠላፊው ዘንድ ደረሰ፤ እሱም ገባ። መልእክቱን የላከችላት የሚመስላት ጓደኛዋ ቀደም ብላ በዚሁ መንገድ የተጠለፈች ናት።

እሑድ ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ላይ አዳማ ያለው ታናሽ ወንድሟ ደወለ። «እትዬ፣ ሌሊት የጠየቅሽኝን 15 ሺህ ብር በሰጠሽኝ ቁጥር በቴሌብር ልኬልሻለሁ፤ ደረሰሽ?» እሷ የጠየቀችው ብር የለም። ቴሌግራሟን ከፍታ ከወንድሟ ጋር ያላትን ቻት ብታይ ስለ ብር የሚያወራ አንድም መስመር አጣች።

ከዚህ በኋላ የሚሆነው ነገር የተንጠለጠለው ነጋዴዋ በቀጣዮቹ ደቂቃዎች ምን እንደምታስቀድም ላይ ነው። ቴሌግራም ብዙ ተጠቃሚ የማያውቀው ሕግ አለው፦ አዲስ የገባ መሣሪያ ለመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ሌሎቹን መሣሪያዎች ማስወጣት አይችልም፤ የአካውንቱን ስልክ ቁጥርም መቀየር አይችልም። ቀድሞ የገባው መሣሪያ ግን አዲሱን በፈለገው ሰዓት ሊያስወጣው ይችላል። ስለዚህ እሑድ ማታ 2 ሰዓት እስኪሆን ድረስ ጠላፊው እሷን ሊያስወጣት አይችልም፤ እሷ ግን ልታስወጣው ትችላለች። ያ ሰዓት ካለፈ ግን ጠላፊውም ሊያስወጣት ይችላል።

ምልክቶቹን እንዴት እንለያለን?

የመጀመሪያው ምልክት አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው እንደ ነጋዴዋ ከሌላ ሰው ነው፦ «የላክሽው ምንድን ነው?»፣ «ብሩ ደረሰህ?» የሚል ስልክ። ባለቤቱ ቻቱን ከፍቶ ምንም ስለማያገኝ «ተሳስተህ ይሆናል» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ነገር ግን ቴሌግራም አንድን መልእክት ከራስ በኩል ብቻ ማጥፋት ይፈቅዳል። ጠላፊው ለወንድሟ ከጻፈ በኋላ መልእክቱን ከእሷ በኩል ብቻ ያጠፋዋል። ያኔ ከእሷ ስልክ ይጠፋል፤ ወንድሟ ጋ ግን እንዳለ ይቀመጣል። ስለዚህ «ቴሌግራሜ ውስጥ ምንም የለም» ማለት አልተጠለፍኩም ማለት አይደለም። ማስረጃው መልእክቱ የደረሰው ሰው ስልክ ላይ ነው።

ሁለተኛው ምልክት ከቴሌግራም የሚላክ ማሳወቂያ ነው። አዲስ መሣሪያ ሲገባ፣ ሰማያዊ ምልክት ካለው «Telegram» ከተባለው ቻት «New login» የሚል መልእክት ይደርሳል፤ የመሣሪያው ዓይነት፣ ቦታውና ሰዓቱ ተጽፎበታል። ጠላፊው ግን አካውንቱ ውስጥ ስላለ ይህንንም ሊያጠፋው ይችላል። መልእክቱ ካለ ምልክት ነው፤ ከሌለ ግን ለመረጋጋት ምክንያት አይሆንም።

ሦስተኛው ዓይነት በዕለት አጠቃቀም መሀል የሚታይ ጥቃቅን ለውጥ ነው። ያልከፈቱት መልእክት እንደተነበበ ሆኖ ይገኛል፤ ከቅርብ ሰው ጋር ያለዎት ቻት ወደ «Archived Chats» ተዛውሮ ድምፁ ተዘግቷል፤ ያልገቡበት ግሩፕ ወይም ቻናል ዝርዝርዎ ውስጥ አለ። አንዱ ብቻውን ምንም ላያረጋግጥ ይችላል፤ ሁለቱ ከተገጣጠሙ ግን መፈተሽ ያስፈልጋል።

ጠለፋ የሚመስሉ፣ ግን ያልሆኑ ሁለት ነገሮችም አሉ። አንደኛው ሳይጠይቁ የሚመጣ የመግቢያ ኮድ ነው። ይህ የሆነ ሰው በእርስዎ ቁጥር ሊገባ እየሞከረ መሆኑን ይናገራል እንጂ ገብቷል ማለት አይደለም። ኮዱን ለማንም ካልሰጡ፣ የትም ካልጻፉት ሙከራው እዚያው ይቀራል። ሁለተኛው የእርስዎን ስምና ፎቶ ወስዶ በሌላ ቁጥር አዲስ አካውንት መክፈት ነው። ለመለየት ቀላል ነው፦ መልእክት የደረሰውን ሰው «ከኔ ጋር ድሮ ባወራንበት ቻት ነው የመጣው ወይስ በአዲስ?» ብለው ይጠይቁት። በአዲስ ከሆነ አካውንትዎ አልተነካም፤ አስመሳዩን ለቴሌግራም ሪፖርት ማድረግና ወዳጆችን ማስጠንቀቅ ነው የሚያስፈልገው።

ጥርጣሬውን የሚቆርጠው ማስረጃ ግን አንድ ገጽ ነው። ቴሌግራም ውስጥ «Settings» ከዚያም «Devices» የሚለውን ይክፈቱ። ከላይ «This device» በሚለው ሥር የያዙት ስልክ አለ፤ ከታች ደግሞ በእርስዎ አካውንት የገቡ ሌሎች መሣሪያዎች በሙሉ ተዘርዝረዋል። ገጹን ሲያነቡ ከቦታው ይልቅ የመሣሪያውን ስምና የአፑን ዓይነት ያስቀድሙ። ቦታው የሚገመተው ከኢንተርኔት አድራሻ ስለሆነ ሐዋሳ ተቀምጠው አዲስ አበባ ሊል ይችላል፤ ቪፒኤን ከተጠቀሙማ የራስዎ ስልክ አውሮፓ ያለ ይመስላል። እርስዎ ሳምሰንግ ብቻ ይዘው ዝርዝሩ ውስጥ አይፎን ወይም የማያውቁት ኮምፒውተር ካለ ግን ሰው ገብቷል። በርግጥ አንድ ወቅት በመሥሪያ ቤት ወይም በኢንተርኔት ቤት ኮምፒውተር ከፍተው የረሱትም እዚህ ይታያል። እሱም ቢሆን መውጣት አለበት፤ ኮምፒውተሩ ላይ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ መልእክትዎን ማንበብ ይችላልና።

አንደኛ፦ ማስወጣት

እንግዳ መሣሪያ ካዩ መጀመሪያ ገጹን ስክሪንሾት ያንሱት። የመሣሪያው ስም፣ ቦታውና ሰዓቱ ከተወጣ በኋላ ስለማይገኝ በኋላ ለፖሊስ የሚያሳዩት እሱን ነው። ከዚያ ወዲያው «Terminate All Other Sessions» የሚለውን ይንኩ። ከያዙት ስልክ በስተቀር ሁሉም ይወጣል። የራስዎ ኮምፒውተርም ቢወጣ ምንም አይደለም፤ በኋላ ይመልሱታል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሲደነግጥ በመጀመሪያ የሚያደርገው ከአካውንቱ ራሱ መውጣት ወይም አፑን አጥፍቶ እንደገና መጫን ነው። እንዲህ ያደረገ ሰው ተመልሶ ሲገባ «አዲስ የገባ መሣሪያ» የሚሆነው እሱ ነው፤ የ24 ሰዓቱ ሕግ በእሱ ላይ ይሠራል። ጠላፊውን ማስወጣት ሲሞክር ቴሌግራም ገና አዲስ ነህ ብሎ ይከለክለዋል። ስልክዎ ላይ ለወራት ተከፍቶ የቆየው ቴሌግራም በእጅዎ ያለው ትልቁ መብት ነውና ሎግ አውት አያድርጉ፣ አፑንም አያጥፉ።

ሁለተኛ፦ መቆለፍ

ጠላፊው ሲወጣ ወደ «Privacy and Security» ገብተው «Two-Step Verification» የሚለውን ይክፈቱ። ይህ ከኤስኤምኤስ ኮዱ በተጨማሪ እርስዎ ብቻ የሚያውቁት የይለፍ ቃል እንዲጠየቅ ያደርጋል። ነጋዴዋ ይህን ቀድማ አድርጋው ቢሆን ኖሮ ኮዱን ብትሰጥም እንኳ ጠላፊው በኮዱ ብቻ አይገባም ነበር።

ከማስወጣቱ በኋላ የሆነበት ምክንያት አለው። የይለፍ ቃል ማውጣት አዲስ የሚገባን ሰው ይከለክላል እንጂ ቀድሞ የገባውን አያስወጣም። ሌባው እልፍኝ ተቀምጦ ሳለ የውጭውን በር እንደ መቆለፍ ነው።

የይለፍ ቃሉን ሲያወጡ ቴሌግራም የኢሜይል አድራሻ ይጠይቃል። ብዙዎች ይዘሉታል፤ አይዝለሉት። የይለፍ ቃሉን የረሱ ቀን መመለሻው ያ ኢሜይል ነው። ከዚያ በፊት ግን ኢሜይሉ ራሱ የእርስዎ መሆኑን ያረጋግጡ። ስልኩን የሸጠልዎ ልጅ የከፈተልዎ፣ የይለፍ ቃሉን እርስዎ የማያውቁት ጂሜይል ለዚህ አይሆንም።

«Two-Step Verification» ሲከፍቱ እርስዎ ያላወጡት የይለፍ ቃል ከጠየቀዎ ጠላፊው ቀድሞ ቆልፎታል ማለት ነው። ይህ ያስደነግጣል፤ ግን ስልክዎ ላይ አካውንቱ ክፍት እስከሆነ ድረስ መፍትሔ አለው። «Forgot password?» የሚለውን ይንኩ። ማስታወሻ ኢሜይሉ የእርስዎ ካልሆነ ቴሌግራም የይለፍ ቃሉን የሚሰርዝ ጥያቄ እንዲያቀርቡ ይፈቅዳል፤ የሚጸናው ከ7 ቀን በኋላ ነው። ጠላፊውን በመጀመሪያው እርምጃ ስላስወጡት በዚህ መካከል ጥያቄውን መሰረዝ አይችልም። የእርስዎ ሥራ ሳምንቱን ሙሉ ከአካውንቱ ሳይወጡ መቆየትና «Devices» የሚለውን ገጽ በየዕለቱ ማየት ነው።

ሦስተኛ፦ በስልክ መደወል

እነዚህ ሁለቱ እርምጃዎች ተደምረው ከአምስት ደቂቃ አይበልጡም። ቀጥሎ ሰው ማሳወቅ ነው፤ መንገዱም የተለመደው የስልክ ጥሪና ኤስኤምኤስ ነው። ጠላፊው ሳይወጣ ቴሌግራም ላይ «ተጠልፌያለሁ» ብሎ መጻፍ ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛ ጠላፊው ያነበዋል፤ መልእክቱን ከሁለቱም በኩል አጥፍቶ «ቀልዴን ነው» ብሎ ሊቀጥል ይችላል። ሁለተኛ መልእክቱ የደረሰው ሰው የቱ እውነተኛው እንደሆነ መለየት አይችልም። ድምፅ ግን ይለያል።

መጀመሪያ የሚደወልለት ለማን ነው? ሳይጠይቅ ብር ለሚልክ ሰው ነው፤ ለእናት ለአባት፣ ለወንድም ለእህት፣ ዋሽንግተን ወይም ሪያድ ላለ ዘመድ። ውጭ ያለ ዘመድ በሰዓት ልዩነት ምክንያት መልእክቱን ሌሊት አይቶ፣ ደውሎ ማረጋገጥ ከብዶት ዝም ብሎ ሊልክ ይችላል። ከዚያ ለደንበኞችና ለግሩፕ አስተዳዳሪዎች ይደወላል። ነጋዴዋ ቻናል ስላላት ጠላፊው እንደወጣ ወዲያው እዚያም አጭር ማስታወቂያ ትለጥፋለች፦ ትናንት ማታና ዛሬ ጠዋት በስሟ የተላከ የክፍያ ቁጥር የእሷ እንዳልሆነ።

ስለ ቻናሉ አንድ የሚያጽናና ነገር አለ። የቻናል ባለቤትነትን ለሌላ ሰው ለማስተላለፍ ቴሌግራም «Two-Step Verification» ከበራ ቢያንስ 7 ቀን፣ መሣሪያውም ከገባ ቢያንስ 24 ሰዓት እንዲሆነው ይጠይቃል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ቻናሉ አይወሰድም። ጠላፊው ግን ሌላ ሰው አስተዳዳሪ አድርጎ ሊሾም ስለሚችል የአስተዳዳሪዎችን ዝርዝር ማየትና የማይታወቀውን ማውረድ ያስፈልጋል።

አራተኛ፦ የተላከውን ብር መከታተል

ብሩን ለማስመለስ መደወል ያለበት አካውንቱ የተጠለፈበት ሰው ሳይሆን ብሩን የላከው ሰው ነው፤ ሒሳቡ የእሱ ስለሆነ። የነጋዴዋ ወንድም በቴሌብር ስለላከ 127 ይደውላል፤ ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የላከ ሰው ደግሞ 951። በእጁ ሦስት ነገር ይያዝ፦ የግብይቱ ቁጥር፣ የተላከበት ሰዓት፣ የተቀባዩ ስምና ቁጥር። ገንዘቡ ከተቀባዩ ሒሳብ ሳይወጣ ከተደረሰ የመያዝ ዕድል አለ፤ ጠላፊዎች ግን ብሩ እንደገባ ስለሚያወጡት ወይም ወደ ሌላ ሒሳብ ስለሚያዛውሩት እያንዳንዱ ደቂቃ ዋጋ አለው። ከወጣ በኋላ ነገሩ የፖሊስ ጉዳይ ይሆናል።

ለፖሊስ የሚቀርበው ማስረጃ ሁለት ስልክ ላይ ነው። ከወንድሟ ስልክ የቻቱ ስክሪንሾትና የክፍያው ደረሰኝ፤ ከእሷ ስልክ ደግሞ ጠላፊውን ከማስወጣቷ በፊት ያነሳችው የ«Devices» ገጽ። በዚህ ምክንያት ወንድሟ ተናዶ ቻቱን እንዳያጠፋው ቀድማ ትንገረው። በሰው አካውንት ያለፈቃድ መግባትም በኮምፒውተር ማታለልም በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የተከለከሉ ወንጀሎች ናቸው፤ ስለዚህ አቤቱታው የሚያስቀጣ ነገር ላይ የቀረበ ነው።

አምስተኛ፦ ምን እንዳየ ማሰብ

ጠላፊው ከቅዳሜ ማታ 2 ሰዓት እስከ እሑድ ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነበር። በዚያ ጊዜ ቻቶቹን ሁሉ ማንበብ ይችላል። ከሁሉም በላይ የሚያሳስበው «Saved Messages» ነው። ብዙዎቻችን የመታወቂያና የፓስፖርት ፎቶ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ አንዳንዴም የሞባይል ባንኪንግ ፒን ሳይቀር እዚያ እናስቀምጣለን። እዚያ የነበረ ማንኛውም ፒን ወይም የይለፍ ቃል በዚያው ቀን መቀየር አለበት። ያው የይለፍ ቃል ለኢሜይል ወይም ለፌስቡክ ካገለገለ እዚያም ይቀየራል።

ካስወጡት በኋላ እንግዳው መሣሪያ ተመልሶ ከመጣ ነገሩ ሌላ ነው፤ አዲሱን ኮድ የሚያይበት መንገድ አለው ማለት ነው። ስልክዎ ላይ ከፕሌይ ስቶር ውጭ የጫኑት አፕ ካለ ያጥፉት፤ ስልክዎን የሚነካ ሰው ካለም ያስቡ። ኔትወርክዎ ድንገት ጠፍቶ አልመለስ ካለ ደግሞ በስምዎ ሌላ ሲም አውጥተውበት ሊሆን ስለሚችል በሌላ ስልክ ለኢትዮ ቴሌኮም 994 ይደውሉ።

24ቱ ሰዓት ካለፈስ?

ነጋዴዋ የወንድሟን ስልክ ችላ ብላ ሰኞ ጠዋት ብትነሳ ቴሌግራሟ ስልክ ቁጥር እየጠየቀ ሊጠብቃት ይችላል። ጠላፊው አስወጥቷታል። ያኔም መንገዱ አልተዘጋም፤ ግን ረጅም ነው።

ቁጥሯን አስገብታ ኮድ ስትጠብቅ ኮዱ ላይመጣ ይችላል። ምክንያቱ ቴሌግራም ኮዱን አስቀድሞ የሚልከው አካውንቱ ክፍት ወደሆነበት መሣሪያ ነው፤ ያ መሣሪያ ደግሞ አሁን የጠላፊው ነው። ስለዚህ ጥቂት ጠብቃ ኮዱ በኤስኤምኤስ እንዲላክ የሚጠይቀውን አማራጭ ትመርጣለች። ከገባች በኋላ አዲስ ገቢዋ እሷ ስለሆነች ጠላፊውን ለማስወጣት 24 ሰዓት መቆየት አለባት፤ እሱ ግን እንደገና ሊያስወጣት ይችላል፤ እሷም ተመልሳ ትገባለች።

ጠላፊው የይለፍ ቃል ካወጣ ግን በኤስኤምኤስ ኮዱ ብቻ አትገባም። የቀረው «Reset Account» ነው። አካውንቱ በሥራ ላይ ስላለ ቴሌግራም 7 ቀን ያስጠብቃል፤ ከዚያ ቻቱ፣ ግሩፑ፣ የቻናል ባለቤትነቱ ሁሉ ተሰርዞ በዚያው ቁጥር ባዶ አካውንት ይከፈታል። በስሟ የሚደረገው ማጭበርበር ግን ይቆማል። ጠላፊው ስልክ ቁጥሩን ወደ ራሱ ቀይሮት ከሆነ ይህም አይሠራም፤ ለቴሌግራም በ telegram.org/support ገጽ ማመልከት ብቻ ይቀራል።

ነጋዴዋ ወንድሟ እንደደወለ በአምስት ደቂቃ ልትጨርሰው የምትችለው ነገር በአንድ ቀን መዘግየት እዚህ ይደርሳል። የሰፈር ወዳጅ ወይም የሥራ ባልደረባ «የጻፍክልኝን አልገባኝም» ቢልዎ፣ ከእሱ ጋር ከመከራከርዎ በፊት «Devices» የሚለውን ገጽ ይክፈቱ። በቴሌግራም ብር የተጠየቁት እርስዎ ከሆኑ ደግሞ ጠያቂው የቱንም ያህል ቢቀርብዎ፣ የጻፈልዎ ነገርም የቱንም ያህል ቢያስቸኩል፣ በመደበኛው ስልክ ደውለው ድምፁን ሳይሰሙ አንድ ብር አይላኩ። ስልኩን ካላነሳም ብሩ ይቆይ፤ ምናልባት ለእሱ የመጀመሪያውን ምልክት የሚሰጡት እርስዎ ይሆናሉ።